ስምንተኛው ስፋት ለምን ከዜሮ በታች ወጣ?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት አጭር ቀመር ነው። ካልኩለስ የተማራችሁ ታውቋታላችሁ፤ ያልተማራችሁም ብትሆኑ ማባዛትና መቀነስ ከቻላችሁ አብራችሁኝ ትዘልቃላችሁ። እኔ ይህቺን ቀመር ለብዙ ዓመታት አስተምሬያታለሁ። ግማሿን ብቻ ሳስተምር እንደኖርኩ የገባኝ ግን አንድ ምሽት በእርሳስና በወረቀት ሰንጠረዥ እየሠራሁ ሳለ፣ ስምንተኛው መስመር ላይ ስፋቱ ከዜሮ በታች ሲወጣብኝ ነው። ከመሬት በላይ ያለ ኩርባ ከሥሩ የሚያቅፈው ስፋት ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። መደመሬንና መቀነሴን ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም አልተሳሳትኩም። ቀመሯም ትክክል ነች። ታዲያ ስህተቱ ከየት መጣ? የዛሬው ንግግሬ ይህንን ለማስረዳት ነው።

መጀመሪያ ነገሩን በሥዕል እንየው። አግዳሚ መስመር አስምሩና ከ0 እስከ 1 ያለውን ክፍል ብቻ ያዙ። በላዩ ላይ x^n · e^x የሚባለውን ኩርባ ሳሉ። e ማለት 2.718281828… እያለ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ነው። e^x ን ለየት የሚያደርገው ዴሪቬቲቩ ራሱ መሆኑ ነው፤ የእድገቱ ፍጥነት በየቦታው ከቁመቱ ጋር እኩል ነው። x^n ደግሞ x በራሱ n ጊዜ ሲባዛ ነው፤ n ን አርቢ እንላታለን። ከዚህ ኩርባ በታች ያለውን ስፋት I_n ብለን እንሰይመው፦

I_n = ∫₀¹ x^n e^x dx

አርቢው ዜሮ ሲሆን x^0 አንድ ስለሆነ የሚቀረው e^x ብቻ ነው፤ ስፋቱም e − 1 ነው። ይህኛው ቀላል ነው። ችግሩ e^x በ x፣ በ x^2፣ በ x^8 ተባዝቶ ሲመጣ ነው። ብዜትን በቀጥታ ኢንቴግሬት ማድረግ አይቻልም፤ የአንዱን ኢንቴግራልና የሌላውን ኢንቴግራል ብናባዛ መልሱን አናገኝም። መውጫው የተገኘው ስለ ብዜት ለውጥ ከሚናገረው ሕግ ነው።

ሁለት ጎኖቹ በየጊዜው የሚያድጉ አራት ማዕዘን ማሳ አስቡ። ርዝመቱ u፣ ወርዱ v ይሁን። ማሳው በጥቂቱ ሲሰፋ የሚጨመረው መሬት ከሁለት ቦታ ይመጣል፤ ወርዱ በማደጉ በርዝመቱ በኩል የሚጨመር ቁራጭ አለ፣ ርዝመቱ በማደጉ በወርዱ በኩል የሚጨመር ቁራጭ አለ። ጠቅላላ ጭማሪው የሁለቱ ድምር ነው። ስለዚህ የአንዱን ቁራጭ ድምር ለማወቅ ከጠቅላላው ጭማሪ ሌላኛውን መቀነስ ይበቃል፦

∫ u dv = uv − ∫ v du

ይህ ኢንቴግሬሽን ባይ ፓርትስ የምንለው ነው። እንግሊዛዊው ብሩክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1715 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ዘዴው ከባዱን ኢንቴግራል በሌላ ኢንቴግራል ይለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የሚጠቅመን የተለወጠው ከቀድሞው ከቀለለ ነው።

እዚህ ላይ ምርጫ ይመጣል። x^n e^x ሁለት ቁራጭ አለው፤ አንዱን ዴሪቬቲቭ እንወስድለታለን፣ ሌላውን ኢንቴግሬት እናደርገዋለን። x^n ን ዴሪቬቲቭ ብንወስድለት n·x^(n−1) ይሆናል፤ አርቢው በአንድ ዝቅ ይላል። e^x ደግሞ ኢንቴግሬት ቢደረግም ያው e^x ነው። ስለዚህ፦

∫ x^n e^x dx = x^n e^x − n ∫ x^(n−1) e^x dx

አውራጅ ቀመር የምንላት ይህቺ ናት፤ አርቢውን በአንድ ደረጃ ታወርዳለች። የወረደውን ደግሞ በራሷ መልሰን እናወርደዋለን፤ እንዲህ እያልን ዜሮ ላይ ስንደርስ ሥራው ያልቃል። ለ x^3 ሦስት ጊዜ ብንጠቀምባት ይህን እናገኛለን፦

∫ x^3 e^x dx = e^x (x^3 − 3x^2 + 6x − 6) + C

ተማሪ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በምልክት ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ ያለው መቀነስ በፊተኛው መቀነስ ውስጥ ሲገባ መደመር እንደሚሆን ይዘነጋል፣ 6x በመቀነስ ይጻፋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ የመልሱን ዴሪቬቲቭ ውሰዱ። በቅንፉ ውስጥ ያለው ከራሱ ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ከ 3x^2 − 6x + 6 ጋር ይደመራል። ከ x^3 በስተቀር ሁሉም ተጣፍቶ ይቀራል። አንዱ እንኳ ሳይጣፋ ከቀረ ምልክቱ ተሳስቷል ማለት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ምርጫ እንይ። ተገላብጦ ቢሆንስ? e^x ን ዴሪቬቲቭ ብንወስድለት አይለወጥም፤ x^n ን ኢንቴግሬት ብናደርገው ግን x^(n+1)/(n+1) ይሆናል። አርቢው ወጣ እንጂ አልወረደም፤ x^3 ን ስንፈልግ x^4 መጣብን፣ እሱን ስንይዝ x^5። ማለቂያ የለውም። ይህን የመረጠ ተማሪ ሲያጋጥመኝ በቀይ ብዕር አስምሬ "ምርጫህ ትክክል አይደለም፣ ወደ ኋላ ተመለስ" ብዬ እጽፍ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ስፋታችን እንሂድ። ከ0 እስከ 1 ባለው ክልል x^n e^x በ1 ላይ e፣ በ0 ላይ ዜሮ ስለሆነ አውራጇ ቀመር በጣም ታጥራለች፦

I_n = e − n · I_(n−1)

እንግዲህ ሰንጠረዡን እንሥራ። e ን 2.718 ብለን እንያዝ፤ ሦስት የአስርዮሽ ቤት ለወረቀት ሥራ በቂ ይመስላል። መነሻው I_0 1.718 ነው። ቀጥለን እንውረድ፦

I_1 = 2.718 − 1 × 1.718 = 1.000
I_2 = 2.718 − 2 × 1.000 = 0.718
I_3 = 2.718 − 3 × 0.718 = 0.564
I_4 = 2.718 − 4 × 0.564 = 0.462
I_5 = 2.718 − 5 × 0.462 = 0.408
I_6 = 2.718 − 6 × 0.408 = 0.270
I_7 = 2.718 − 7 × 0.270 = 0.828
I_8 = 2.718 − 8 × 0.828 = −3.906

የመጨረሻውን ተዉትና ሰባተኛውን ተመልከቱ። ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ያንሳል፤ ግማሽ የግማሽ ሩብ ነው። ስለዚህ አርቢው በጨመረ ቁጥር ኩርባው ዝቅ ይላል፣ ስፋቱም መቀነስ አለበት። ከ0.270 ወደ 0.828 ማደግ አይችልም። ነገሩ የተበላሸው ስምንት ላይ ሳይሆን ከዚያ ቀድሞ ነው።

ከዚህ የጠበቀ መመርመሪያም አለ። በክልላችን ውስጥ e^x ከ1 አያንስም፣ ከ e አይበልጥም። x^n ብቻውን የሚሰጠው ስፋት 1/(n+1) ነው። ስለዚህ እውነተኛው I_n ከ 1/(n+1) ይበልጣል፣ ከ e/(n+1) ያንሳል። ለስምንት ይህ ማለት ከ0.111 እስከ 0.302 ባለው መሃል ነው። ትክክለኛው መልስ 0.274 ነው። ለሰባት ከ0.125 እስከ 0.340 ነውና 0.828 ወዲያው ይጋለጣል። አምስተኛውና ስድስተኛው ግን በወሰናቸው ውስጥ ናቸው፤ እውነተኛዎቹ 0.396 እና 0.345 ሲሆኑ እኛ ያገኘነው 0.408 እና 0.270 ነው። ወሰኑ ትልቁን ስህተት ይይዛል፣ ትንሹን ግን ያሳልፋል። ሰንጠረዡን የሠራ ሰው ስድስተኛው ላይ ቢያቆም ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ወረቀቱን ያጥፍ ነበር።

ይህ የወረቀት ችግር ብቻ አይደለም። ጆርጅ ፎርሳይት፣ ማይክል ማልኮምና ክሊቭ ሞለር እ.ኤ.አ. በ1977 ለኮምፒዩተር ስሌት ባዘጋጁት መጽሐፍ ውስጥ የዚህችኑ ቀመር እኅት በስድስት አሃዝ አስልተው ዘጠነኛው ስፋት ከዜሮ በታች እንደሚወጣ አሳይተዋል። የዛሬ ኮምፒዩተር 16 ያህል አሃዝ ይይዛል፤ እሱም ቢሆን 18 አካባቢ ሲደርስ ይሳታል። አሃዝ መጨመር አደጋውን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም።

ለምን? 2.718 ብለን ስንጽፍ ከ e ላይ 0.000282 ያህል ቆርጠናል። በጣም ትንሽ ነው። ነገር ግን ቀመሯ በየደረጃው የቀደመውን በ n ታባዛለች፤ ስትባዛ ስህተቱንም አብራ ታባዛለች። በሁለት፣ ከዚያ በሦስት፣ ከዚያ በአራት እያለ ስህተቱ ሲያብጥ፣ እውነተኛው ስፋት ደግሞ በተቃራኒው እየመነመነ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ በኋላ በወረቀታችን ላይ ያለው ስህተት ብቻ ነው።

ምን ያህል እንዳበጠ በትክክል ማወቅ ትፈልጋላችሁ? e ን በቁጥር ሳንተካ ፊደሉን እንደያዝን እንውረድ። ያኔ ምንም አልተቆረጠምና ምንም አይሳሳትም፦

I_2 = e − 2
I_3 = 6 − 2e
I_4 = 9e − 24
I_5 = 120 − 44e
I_6 = 265e − 720
I_7 = 5040 − 1854e
I_8 = 14833e − 40320

በ e ፊት የቆሙትን ቁጥሮች እዩ፤ 1፣ 2፣ 9፣ 44፣ 265፣ 1854፣ 14833። ስህተታችን የተባዛው በእነዚህ ነው። 0.000282 ን በ14833 ብታባዙ 4.18 ያህል ታገኛላችሁ። ከእውነተኛው 0.274 ላይ 4.18 ስትቀንሱ ያ ያስደነገጠኝ −3.906 ይመጣል። ጉዳዩ እንግዲህ እዚህ ላይ ፍንትው ይላል። 14833e ማለት 40320.274 ነው። ከአርባ ሺህ በላይ የሆኑ ሁለት ቁጥሮችን እየተቀናነስን ከሩብ ጥቂት የምትበልጥ ቅሪት እንፈልጋለን፤ ትልቁ ቁጥር በጥቂቱ ቢዛነፍ ቅሪቷ ትጠፋለች።

እነዚህ ቁጥሮች ሌላ ቦታም ይታወቃሉ፤ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። አራት ሰዎች ጋቢያቸውን አንድ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅለው ነበር እንበል። መብራት ጠፍቶ በጨለማ እያንዳንዱ አንድ አንድ አንሥቶ ወጣ። ጋቢዎቹ ሊከፋፈሉ የሚችሉባቸው መንገዶች 24 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ማንም የራሱን ያላገኘባቸው ስንት ናቸው? ዘጠኝ። አምስት ሰዎች ቢሆኑ ከ120 ውስጥ 44። እነዚያው ቁጥሮች ናቸው። ፈረንሳዊው ሞንሞር እ.ኤ.አ. በ1708 ስለ ዕድል ጨዋታዎች ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ በካርታ ጨዋታ መልክ አንሥቶት ነበር። ሁለቱ የሚገናኙት አንድ የአቆጣጠር ሕግ ስላላቸው ነው፤ የቀደመውን በ n አባዛ፣ ከዚያ በተራ አንድ ደምር ወይም አንድ ቀንስ። ዘጠኝ በአምስት 45፣ ሲቀነስ አንድ 44፤ 44 በስድስት 264፣ ሲደመር አንድ 265።

አሁን በቀይ ብዕር ወዳሰመርኩበት ምርጫ እንመለስ። አርቢውን የሚያወጣው፣ "የተሳሳተው" ምርጫ በስፋቶቻችን ላይ ሲጻፍ ይህን ይሰጣል፦

I_(n−1) = (e − I_n) / n

ቀመሯ ያቺው ናት፤ ከታች ወደ ላይ ተነበበች እንጂ አልተለወጠችም። ግን ልዩነቱን አስተውሉ። ወደ ፊት ስንሄድ በ n እናባዛ ነበር፤ አሁን ለ n እናካፍላለን። ስህተት ካለ በየደረጃው ይካፈላል።

የቀረው ጥያቄ ከየት እንጀምር የሚለው ነው። I_8 ን ለማግኘት I_9 ያስፈልገናል፣ ለእሱ I_10። ትልቁን ከየት እናምጣው? መልሱን ስሰማ እኔም ለማመን ተቸግሬ ነበር፤ ከየትም አናመጣውም። I_12 ዜሮ ነው ብለን እንጀምራለን። ዜሮ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ እውነተኛው 0.195 ያህል ነው። ያው e = 2.718 ን ይዘን፣ በሦስት ቤት እያጠጋጋን እንሂድ፦

I_11 = (2.718 − 0) / 12 = 0.227
I_10 = (2.718 − 0.227) / 11 = 0.226
I_9 = (2.718 − 0.226) / 10 = 0.249
I_8 = (2.718 − 0.249) / 9 = 0.274

እውነተኞቹ በቅደም ተከተል 0.210፣ 0.228፣ 0.249 እና 0.274 ናቸው። የመጀመሪያው ተሳስቷል፣ ሁለተኛው ተጠጋ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ልክ ናቸው። የጀመርንበት 0.195 ያህል ስህተት በ12፣ በ11፣ በ10 እና በ9፣ ማለትም በአጠቃላይ ለ11880 ተካፍሎ ከ0.00002 በታች ሆኗል። ማጠጋጋታችን የሚጨምረውም በየደረጃው እንዲሁ ይካፈላል። በያዝነው ሻካራ ቁጥር ወደ ፊት ስንሄድ −3.906 የሰጠን ስፋት፣ ወደ ኋላ ስንመጣ እስከ መጨረሻ አሃዙ ትክክል ሆኖ ወጣ። በዚህ መንገድ ከሩቅ ዜሮ ተነሥቶ ወደ ኋላ መሥራትን የእንግሊዙ ጄፍሪ ሚለር ቤሰል የሚባሉትን ፈንክሽኖች ሰንጠረዥ ለማዘጋጀት ተጠቅሞበታል፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1952 ታትሟል፣ ዘዴውም በስሙ ይጠራል።

በበቂ ርቀት መጀመራችንን የምናውቅበት መንገድ አለ። አንዴ ከ12፣ አንዴ ከ15 ጀምሩ። የምትፈልጉት አሃዝ በሁለቱም አንድ ከሆነ በቂ ነው፤ ከተለያየ ራቅ ብላችሁ ጀምሩ።

ሆኖም ወደ ኋላ መሄድ ሁልጊዜ ይሻላል ብዬ እንዳላሳስታችሁ። የ x^3 e^x ን ኢንቴግራል በፊደል ለሚፈልግ ሰው ያ መንገድ ምንም አይሰጠውም፤ እሱ መውረድ አለበት። ክልሉ ከ0 እስከ 1 መሆኑ ቀርቶ ከ0 እስከ 20 ቢሆን ደግሞ አርቢው ከ20 እስኪያልፍ ድረስ ወደ ፊት መሄድ አይጎዳም። በዚያ ክልል ስፋቱ ራሱ በየደረጃው ወደ ሃያ እጥፍ ገደማ ስለሚያድግ ስህተቱ ሊቀድመው አይችልም። መታየት ያለበት ስህተቱ የሚባዛበት n ስፋቱ ከሚያድግበት ይበልጣል ወይስ ያንሳል የሚለው ነው። ያን ቀይ መስመር ዛሬ ብጽፈው ተማሪውን ለምን እንደፈለገው አስቀድሜ እጠይቀው ነበር።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ያ የተበላሸ ሰንጠረዥ ውድ ነገር ደብቋል።

2.718 ማለት 2718 ለ1000 ሲካፈል ነው፤ ክፍልፋይ ነው። ከእሱ ተነሥተን በሙሉ ቁጥር ብቻ ስለምናባዛና ስለምንቀንስ በሰንጠረዡ ላይ የሚወጣው ቁጥር ሁሉ የአንድ ሺህኛ ብዜት ነው፤ ከዜሮ የሚበልጥ ከሆነ ከ0.001 አያንስም። እውነተኞቹ ስፋቶች ግን ከዜሮ ይበልጣሉ፣ ከ e/(n+1) ደግሞ ያንሳሉ። n ሦስት ሺህ ሲደርስ ስፋቱ ከ0.001 በታች ይሆናል፤ በአንድ ሺህኛ የሚራመድ ሰንጠረዥ እዚያ ቦታ ላይ መቆም አይችልም። ስለዚህ ሰንጠረዡ አንድ ቀን መሳቱ ግድ ነበር፤ የእኛ ፈጥኖ ሰባት ላይ ከወሰኑ ወጣ።

አሁን 2718 ለ1000 በሚለው ምትክ ማናቸውንም p ለ q አስገቡ። ማንም ተነሥቶ "e ን በትክክል የሚወክል ክፍልፋይ አግኝቻለሁ፣ p ለ q ነው" ቢለን፣ በእሱ ቁጥር የተሠራው ሰንጠረዥ ምንም አልተቆረጠበትምና እስከ ዘለዓለም ልክ መሆን አለበት። በዚያ ሰንጠረዥ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ የ1/q ብዜት ይሆናል፤ ከዜሮ የሚበልጥ ከሆነ ከ1/q ሊያንስ አይችልም። ነገር ግን e ከ3 ያንሳልና I_n ከ 3/(n+1) ያንሳል፤ n ከ 3q ሲያልፍ ስፋቱ ከዜሮ በላይ እንደሆነ ከ1/q በታች ይወርዳል። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። እንዲህ ያለ p እና q የለም፤ e በክፍልፋይ አይጻፍም። ይህን መጀመሪያ ያረጋገጠው ሊዮናርድ ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1737፣ በሌላ መንገድ። እኛ ግን ያገኘነው ከአንዲት አውራጅ ቀመርና ከ0 እስከ 1 ባለ ስፋት ነው።

ያን ምሽት ወረቀቴ ላይ የወጣው −3.906 ከ2718/1000 የተነሣ ስለሆነ ትክክል ሊሆን አይችልም ነበር፤ አሥር ወይም ሠላሳ አሃዝ ብጨምርም እንዲህ ያለው ስህተት አንድ መስመር ላይ ይጠብቀኝ ነበር።